ጥሬ ገንዘቡን ከፋፍዬ ላስገባው?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በቤቴ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው ወር መኪናዬን ሸጥኩ፤ ገዢው 30,000 በጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠኝ። ከስፌቱ በአራት ዓመት ያጠራቀምኩት 18,000ም ቤቴ ውስጥ ነበረ። ሁሉንም ባንክ ላስገባ ስል የእህቴ ባል ‹ከ10,000 በላይ ካስገባሽ ለመንግሥት ይጻፍብሻል፤ ከፋፍለሽ አስገቢ፣ ከፊሉንም በእኔ ሒሳብ እናድርገው› አለኝ። ባለፈው ሰኞ 9,000 አስገባሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ከየት እንዳመጣሁት ስትጠይቀኝ ደንግጬ ‹የራሴ ነው› ብዬ ወጣሁ። ወንጀል አልሠራሁም፤ ለምን እንደ ሌባ እጠየቃለሁ? የቀረኝን 39,000 እንዴት ላስገባ? ሲጠይቁኝስ ምን ልበል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድሞ መከፋፈሉን እዚህ ላይ ያቁሙ። በእጅዎ የቀረውን ገንዘብ በአንድ ቀን፣ በራስዎ ሒሳብ፣ ከመኪናው የሽያጭ ውል ጋር ይዘው ይሂዱ፤ ሰኞ ያስገቡት 9,000ም የዚሁ ገንዘብ አካል መሆኑን ሳይጠየቁ ይንገሯቸው። የእህትዎ ባለቤት ለእርስዎ አስበው እንደመከሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ምክራቸው ሁለት የተለያዩ ሪፖርቶችን እንደ አንድ በመቁጠር ላይ የቆመ ነው። ምክሩን ቢከተሉ ምንም የማይጎዳዎትን ሪፖርት ለመሸሽ ሲሉ በእርግጥ ሊጎዳዎት የሚችለውን ይጠሩታል።

የመጀመሪያው የጥሬ ገንዘብ ግብይት ሪፖርት የሚባለው ነው። ይህን ሪፖርት የሚቀሰቅሰው መጠኑ ብቻ ነው። ሕግ አንድ የገንዘብ ወሰን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወሰን በላይ ጥሬ ገንዘብ ያስገባም ሆነ ያወጣ ሰው ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ጡረተኛ፣ ይመዘገባል። የዚህ ዓይነቱ ሕግ ቀደምት የሚባለው አሜሪካ በ1970 (እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር) ያወጣችው የባንክ ምስጢር ሕግ ሲሆን፣ የ10,000 ዶላሩ ወሰን ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የገንዘቡ የመግዛት አቅም ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደቀነሰ ስናስብ፣ በዚህ ወሰን የሚያዘው ሰው እጅግ ብዙና እጅግ ተራ መሆኑን መረዳት አይከብድም። በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው የአስገቢው ስም፣ የመታወቂያው ቁጥር፣ አድራሻው፣ ሥራው፣ የገንዘቡ መጠንና ገንዘቡ የገባው ለማን ተብሎ እንደሆነ ነው። ስለ ጥርጣሬ የሚናገር አንድም መስመር የግድ አይጻፍበትም። ባንኩ ይሞላዋል፣ ለአገሩ የፋይናንስ መረጃ ተቋም ይልከዋል፣ እዚያም ከሌሎች እጅግ ብዙ መዝገቦች ጋር ይቀመጣል። ይህን ሪፖርት ጨርሶ የማይጠይቁ አገሮችም አሉ፤ ብሪታንያ ለምሳሌ በመጠን ብቻ የሚላክ አጠቃላይ የጥሬ ገንዘብ ሪፖርት የላትም፤ እዚያ ሥራውን የሚሠራው ሁለተኛው ዓይነት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት ነው። ይህን የሚቀሰቅሰው አለመጣጣም ነው። በ1989 የሰባቱ ባለጸጋ አገሮች ቡድን ፓሪስ ላይ ያቋቋመው የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል በሚያወጣቸው 40 ምክረ ሐሳቦች መሠረት፣ ባንክ አንድ ገንዘብ ከወንጀል የመጣ ነው ብሎ ከጠረጠረ ወይም ለመጠርጠር የሚያበቃ ምክንያት ካለው፣ መጠኑ ምንም ያህል ይሁን፣ ሳይዘገይ ማሳወቅ ይገባዋል። እዚህ ላይ 9,000 ከ10,000 ማነሱ ከለላ አይሆንም። አንድ ሺህም ቢሆን ታሪኩ ካልገጠመ ሊጻፍበት ይችላል፤ መቶ ሺህም ቢሆን ታሪኩ ከገጠመ አይጻፍበትም።

«ለምን እንደ ሌባ እጠየቃለሁ?» ላሉት መልሱ ከጥሬ ገንዘብ ባሕርይ ይጀምራል። ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የተላለፈ ገንዘብ ከማን ወደ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን እንደሄደ የሚናገር ዱካ አለው። ጥሬ ገንዘብ ግን ትናንት በማን እጅ እንደነበረ አይናገርም። ስለዚህ በወንጀል ገንዘብ ያገኘ ሰው በጣም የሚቸገረው ወደ ባንክ ሥርዓት በሚያስገባባት በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው፤ አንዴ ከገባለት በኋላ እያዘዋወረ ምንጩን ማደብዘዝ፣ ቀጥሎም ንብረት ገዝቶበት ሕጋዊ ማስመሰል ይቀልለዋል። ባንኩ ጥያቄውን መስኮቱ ላይ የሚያቀርበው ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ዋጋ ስለሚያጣ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋም የጠየቀችዎት ፊትዎን አይታ አይደለም፤ ገንዘቡ ራሱ ሊነግራት የማይችለውን ከእርስዎ መስማት ስላለባት ነው።

አሁን የእርስዎ ሒሳብ ከወዲያኛው ወገን ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። ሕግና ደንብ መከበሩን በሚከታተለው የባንክ የኮምፕላያንስ ክፍል ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ማየት ነበር። ሒሳቡን ሲከፍቱ ሥራዎን «ልብስ ስፌት» ብለው ሞልተዋል፤ በየወሩ ምን ያህል ሊያስገቡ እንደሚችሉም ተጠይቀው ትንሽ ቁጥር ጽፈው ይሆናል። ያ ወረቀት መዝገብ ቤት የተረሳ አይደለም። የባንኩ የክትትል ሥርዓት በየዕለቱ የሚያነጻጽረው ከዚያ ጋር ነው። በየወሩ ጥቂት መቶ የሚገባበት ሒሳብ ድንገት 9,000 ሲገባበት ማሳሰቢያ ይወጣል። ማሳሰቢያው ክስ አይደለም፤ አንድ ሠራተኛ ከፍቶ እንዲያየው የተቀመጠ ምልክት ነው። ሠራተኛው የመጨረሻዎቹን ወራት እንቅስቃሴ ያያል፣ የሥራዎን ዓይነት ያያል፣ ቀጥሎም ገንዘብ ተቀባይዋ የጻፈችውን ማስታወሻ ይፈልጋል።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ማስታወሻ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ጡረተኛ ደንበኛ ሒሳብ እንዲህ ባለ ማሳሰቢያ ደርሶኝ ነበር፤ መጠኑ ከእርስዎ የሚበልጥ ነው። ከተቀባዩ መስኮት የመጣው ወረቀት ላይ በእጅ ጽሑፍ «የመኪና ሽያጭ፤ ውልና የገዢ መታወቂያ ታይቷል፤ ቅጂ ተያይዟል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ቀኑን ከውሉ ቀን ጋር አመሳከርኩ፣ መጠኑን አየሁ፣ ዘጋሁት። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። በዚያው ሳምንት ከዚያ በጣም ያነሰ ገንዘብ፣ ግን በአራት ቀን አራት ጊዜ የገባ፣ ማስታወሻው ላይ «የራሴ ነው ብሏል» ብቻ የተጻፈበት ሌላ መዝገብ መጣ። እሱን ለመዝጋት የሚያበቃ ምንም አልነበረኝም፤ ለበላዬ አሳለፍኩት። ሁለተኛው ሰው ምናልባት ከመጀመሪያው የበለጠ ንጹሕ ይሆናል፤ እኔ ግን የማውቀው የተጻፈልኝን ብቻ ነበር።

ወደ መከፋፈሉ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። የቀረዎትን 39,000 እንደተመከሩት ቢያደርጉት ምን እንደሚሆን በአሃዝ ያስቡት፦ ሐሙስ 9,500፣ በማግሥቱ በሌላ ቅርንጫፍ 9,800፣ ሰኞ 9,700፣ የቀረው 10,000 ደግሞ በእህትዎ ባለቤት ሒሳብ በሁለት ጊዜ። እርስዎ አምስት ትንንሽ ግብይቶች ያያሉ። የባንኩ ሥርዓት ግን በቅርንጫፍ ሳይሆን በደንበኛ ስለሚደምር፣ ከወሰኑ ሥር ተጠግተው የተደረደሩ አሃዞች ያያል። የክትትል ሥርዓቶች መጀመሪያ ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ ይህንኑ ድርድር መለየት ነው። በብዙ አገሮች በአንድ ቀን ውስጥ የገቡ ገንዘቦች ተደምረው እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ በተለያየ ቀን ቢሆኑም የተያያዙ ከመሰሉ እንደተያያዙ ይታያሉ። ሙሉውን በአንዴ ቢያስገቡ የሚመዘገበው «መጠን» ብቻ ነበር፤ ከፋፍለው ሲያስገቡ የሚመዘገበው «ሐሳብ» ነው፤ መታየት የማይፈልግ ሰው ሐሳብ።

ከዚህም በላይ፣ በብዙ አገሮች ሪፖርት ለመሸሽ ብሎ መከፋፈል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ በላብ የተገኘ መሆኑ አያድንም። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ያለ አንድ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1988 በኔቫዳ ግዛት አንድ ሰው በቁማር ተሸንፎ የ160,000 ዶላር ዕዳ ገባ። ዕዳውን ሊከፍል 100,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ይዞ ሲመለስ፣ የቁማር ቤቱ ሰዎች ከ10,000 በላይ የሆነ ጥሬ ገንዘብ ከተቀበሉ ሪፖርት ማድረግ እንዳለባቸው ነገሩት። ሰውየው ከባንክ ባንክ በመኪና እየዞረ፣ እያንዳንዳቸው ከ10,000 በታች የሆኑ የባንክ ቼኮች ገዝቶ ከፈለ። በመከፋፈል ወንጀል ተከሶ ተፈረደበት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ፣ በ1994 ዳኞቹ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሰውየው መከፋፈሉ ራሱ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያውቅ እንደነበር ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ነበረበት ብለው ፍርዱን ሻሩለት። የአገሪቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሽሎ ያንን ቀዳዳ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር «መከፋፈል ወንጀል መሆኑን አላውቅም ነበር» የሚል መከላከያ አይጠቅምም፤ ሪፖርቱን ለማስቀረት ታስቦ መደረጉ ይበቃል። የአገርዎ ሕግ በቃሉ ሊለይ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ባሕርይ አጠራጣሪ አድርጎ የማይቆጥር ባንክ አላየሁም።

የእህትዎን ባለቤት ሒሳብ መጠቀም ደግሞ ከመከፋፈሉም ይከፋል። እሳቸው ያን ገንዘብ ሲያስገቡ የገንዘቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጠየቃሉ። «የእኔ ነው» ካሉ ሐሰት ተናገሩ፤ «የሚስቴ እህት ነው» ካሉ ደግሞ ለምን በራሷ ሒሳብ እንዳላስገባች ሊያስረዱ ነው፤ ለዚህም ጥሩ መልስ የለም። የሰው ገንዘብ በሒሳባቸው የሚያሳልፉ ሰዎች የወንጀል ገንዘብን ሕጋዊ በሚያስመስሉ ሰዎች ዘንድ የታወቀ መሣሪያ ናቸው፤ የእርስዎ ንጹሕ ገንዘብ ዘመድዎን በዚያ ረድፍ ያሰልፍብዎታል። ተለያይታችሁ አንድ ቀን ብትጣሉ ደግሞ ገንዘቡ የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት አይኖርዎትም።

እንግዲህ ምን ይበሉ? ባንኩ የሚጠይቅዎት የሕይወት ታሪክዎን አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛው የዚህ ገንዘብ ምንጭ ነው፤ ይህች የተወሰነች ገንዘብ በምን ሥራ ወይም ሽያጭ እጅዎ ገባች? ሁለተኛው፣ መጠኑ ሲተልቅ የሚመጣው፣ አጠቃላይ ሀብትዎ እንዴት ተገነባ የሚለው ነው። የእርስዎ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ይቆማል። ገንዘብዎ ግን ምንጩ ሁለት ስለሆነ ሁለቱን ለየብቻ ያስረዱ፤ ደባልቀው ሲነግሩ የአንዱ ጉድለት ሌላውንም ያበላሻል።

የመኪናው ክፍል ቀላል ነው። የሽያጭ ውሉን፣ የባለቤትነት ደብተሩን ወይም ስም መዛወሩን የሚያሳየውን ማስረጃ፣ ካለዎትም የገዢውን መታወቂያ ቅጂና የተለዋወጣችሁትን መልእክት ይያዙ። ሠራተኛው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ስሙ የእርስዎ መሆኑን፣ መጠኑ ከውሉ ጋር መግጠሙን፣ ቀኑ መቅረቡን። በውሉ ላይ ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ ተጽፎ ከሆነ፣ ለምሳሌ ውሉ 20,000 እያለ እጅዎ ላይ 30,000 ካለ፣ የ10,000ው ልዩነት ማስረጃ አልባ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ይህን መጀመሪያ ከግብር አማካሪ ጋር ያስተካክሉ እንጂ ባንኩ ፊት ሌላ ታሪክ አይፍጠሩለት።

ቤት ውስጥ የተጠራቀመው 18,000 ነው የሚከብደው፤ ደረሰኝ የለውምና። ቢሆንም ደረሰኝ አለመኖር ማስረጃ አለመኖር ማለት አይደለም። ቁጥሩን ራሱን ይጠቀሙበት፦ 18,000 በ48 ወራት ሲካፈል በወር 375 ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ከገቢዋ በወር 375 ልታስቀር ትችላለች ወይ የሚለው ማንም ሊመዝነው የሚችል ጥያቄ ነው፤ «ከድሮ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ነው» የሚለው ግን ማንም ሊመዝነው አይችልም። የትእዛዝ ደብተርዎን ይያዙ፤ ልኬት፣ የደንበኛ ስም፣ የተቀበሉት ቀብድ የተጻፈበት ያው የተቀዳደደው ደብተር በዚህ ጉዳይ ትልቅ ሰነድ ነው። የጨርቅና የክር ግዢ ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ወረቀት ካለዎት ይጨምሩ። ገቢውን ለግብር አሳውቀው የማያውቁ ከሆነም እውነቱን እነግርዎታለሁ፦ ባንኩ ፊት እውነቱን ሲናገሩ ይህ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ገንዘቡን መደበቅ ሳይሆን፣ ከማስገባትዎ በፊት የግብር ባለሙያ አማክሮ ያለፈውን በፈቃድ ማስተካከል ነው፤ ሳይጠየቁ የቀረቡና ተገኝተው የተያዙ ሰዎች በብዙ ቦታ እኩል አይስተናገዱም።

ይህን ሁሉ ካዘጋጁ በኋላ ቃልዎ አጭር መሆን ይችላል። እንዲህ ቢሉ በቂ ነው፦ «የማስገባው 39,000 ነው። ሰኞ ያስገባሁት 9,000 የዚሁ አካል ነው፤ በጠቅላላው 48,000 ይሆናል። 30,000ው ባለፈው ወር ከሸጥኩት መኪና ነው፤ ውሉ ይኸው። 18,000ው በአራት ዓመት ከስፌት ሥራዬ ያስቀረሁት ነው፤ የትእዛዝ ደብተሬን ማየት ትችላላችሁ። ሰኞ ተጠይቄ በቅጡ አልመለስኩም፤ ከፋፍለሽ አስገቢ ተብዬ ነበር፤ አሁን ሙሉውን ማስመዝገብ እፈልጋለሁ።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሊከብድዎ ይችላል። ነገር ግን የሰኞው 9,000 ከነአሃዙ መዝገብ ላይ ተቀምጧል፤ ማብራሪያው ከእርስዎ ካልመጣ ሠራተኛው በራሱ ግምት ይሞላዋል። በአገርዎ መከፋፈል በወንጀል የሚያስቀጣ ከሆነና ይህን በራስዎ ቃል መናገር የሚያሰጋዎ ከሆነ፣ ወደ ባንኩ ከመሄድዎ በፊት አንድ ጊዜ ጠበቃ ያነጋግሩ፤ ምክር ጠይቆ መሄድ መብትዎ ነው።

የተናገሩት በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ማስገቢያ ወረቀቱ ላይ የምንጭ ቦታ ካለ ራስዎ ይሙሉት፤ «የግል» ብለው አይተዉት፤ «የመኪና ሽያጭ 30,000፣ የስፌት ቁጠባ» ብለው ይጻፉ። የሚሰጡትን ሰነድ ቅጂ ብቻ ይስጡ፣ ዋናውን አሳይተው ይውሰዱ፤ ለራስዎም አንድ ስብስብ ያስቀምጡ። ባንኮች መዝገብ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲይዙ ስለሚጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሠራተኛ ይህንኑ ገንዘብ እንደገና ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ያኔ የሚሰጡት መልስ ከዛሬው ጋር መግጠም አለበት።

በመስኮቱ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ጥያቄ ሲበዛ «ተዉት፣ አላስገባም» ብለው ገንዘቡን ይዘው አይውጡ። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ ጉዳዩ የቀረ ይመስለዋል። ግን ደንቡ የተፈጸመን ብቻ ሳይሆን የተሞከረን ግብይትም ያካትታል፤ ስለ ምንጩ ተጠይቆ ያፈገፈገ ደንበኛ ደግሞ ከአስገባው ይልቅ ትኩረት ይስባል። ሰነድ ከጎደለዎት «ውሉን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ነገ ይዤ እመጣለሁ» ይበሉና በእርግጥ ነገ ይዘው ይምጡ። ወደ ኋላ ቀን የተጻፈ ውል ግን በፍጹም አያዘጋጁ፤ እውነተኛ ሽያጭን በሐሰተኛ ወረቀት ማስረዳት ንጹሕ ገንዘብን በወንጀል መንካት ነው።

«ሪፖርት ተደርጎብኛል ወይ?» ብለውም አይጠይቁ። ስለ አጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት ለደንበኛ መንገር ለባንክ ሠራተኛ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ልታዝንልዎት የምትፈልግ ሠራተኛ እንኳ ብትነግርዎ ራሷ ትጠየቃለች። ስለዚህ ዝምታዋን እንደ ጥላቻም እንደ ማረጋገጫም አይቁጠሩት። ይልቁንስ «ይህን ለመጨረስ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ሰነድ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን ልትመልስልዎ ትችላለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምናልባት ምንም አይሰሙም፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ስልክ ከተደወለልዎ ወይም ደብዳቤ ከመጣ፣ በተጠቀሰው ቀን ውስጥ፣ በመስኮቱ በተናገሩት ልክ፣ በጽሑፍ ይመልሱ። ደዋዩ ከባንኩ መሆኑን ካላረጋገጡ ግን ምንም አይናገሩ፤ ስልኩን ዘግተው በባንኩ ካርድ ወይም ቅርንጫፍ ላይ በተጻፈው ቁጥር መልሰው ይደውሉ፤ አጭበርባሪዎች «ስለ ገንዘብዎ ምንጭ» ብለው የምስጢር ቁጥር የሚቀበሉበት ዘዴ አለና። ባንኩ ስለ ምንጩ ሲጠይቅ የካርድዎን ምስጢር ቁጥር በጭራሽ አይፈልግም። ሒሳብዎ ከታገደ ወይም መርማሪ ከጠራዎት ግን ይህ ዓምድ ከሚበቃው በላይ ነው፤ ያን ጊዜ የያዙትን ስብስብ ይዘው ቀጥታ ወደ ጠበቃ ይሂዱ።

ለዘመድዎም ይህን ይንገሯቸው፦ ስለ ሪፖርቱ መኖር ትክክል ነበሩ። 39,000ውን ሲያስገቡ፣ የአገርዎ ሕግ ወሰን የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ የእርስዎ ስም በአንድ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። በዚያ ዝርዝር ላይ ቤቱን የሸጠው፣ የዕለት ገቢውን ያስገባው ባለ ሱቅ፣ የሠርግ ስጦታ የተቀበለው ሙሽራ ከእርስዎ በላይና በታች ተጽፈዋል፤ በባንኩ ዘንድ ያለው የእርስዎ ማስታወሻም «የመኪና ሽያጭ፤ ውል ታይቷል» ይላል።